ፖርሽኑን ለመጨረስ ስንት ሳምንት ይበቃኛል?

«ጤና ይስጥልኝ። ፈተናዬ 17 ሳምንት ቀርቶታል። ስጀምር 20 ሳምንት ነበረኝ። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተደምረው 60 ምዕራፍ ናቸው። በቀን 4 ሰዓት እያጠናሁ በቀን አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ፣ በ60 ቀን ፖርሽኑ ያልቃል፣ በቀረው ጊዜ ሦስት ጊዜ እከልሳለሁ ብዬ ፕሮግራም አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ሞላኝ፤ የጨረስኩት 10 ምዕራፍ ብቻ ነው። የማነበው ከአራቱም እያፈራረቅኩ ነው። ያጠናሁበትን ሰዓት ማታ ማታ እመዘግባለሁ፤ ሲደመር 60 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ያህል ምንም ሳላጠና ያልፋል። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሾርት ኖት እጽፋለሁ፤ እሱ ብቻ ሁለት ሰዓት ይወስድብኛል። አሁን በቀን 7 ሰዓት ላድርገው ወይስ ክለሳውን ልተወው? ለመሆኑ ስንት ሳምንት ነው የሚያስፈልገኝ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያቺን ማታ ማታ የምትጽፊባትን ደብተር እንዳትጥያት። ስለ ጥናት ፕሮግራም የሚጽፍልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ምኞቱን ነው። አንቺ ግን ቁጥር ላክሽልኝ። በ60 ሰዓት 10 ምዕራፍ ማለት ለአንድ ምዕራፍ 6 ሰዓት ነው። በሦስት ሳምንት 60 ሰዓት ማለት ደግሞ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች ሌላው ሁሉ ይወጣል።

ፕሮግራምሽ የቆመው ግን በሌሎች ሁለት ቁጥሮች ላይ ነበር። በሳምንት 28 ሰዓት፣ ለምዕራፍ 4 ሰዓት። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ያን ያህል የተጋነኑ አይደሉም። ችግሩ አንዱ በሌላው ላይ መባዛቱ ነው። 28ን ለ4 ስታካፍዪ በሳምንት 7 ምዕራፍ ይወጣል። 20ን ለ6 ስታካፍዪ ግን 3 ምዕራፍና ትንሽ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረሽው ለዚህ ነው፤ ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡህለር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀዋቸው ነበር። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገመቱ። የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነው። ሰው ሥራውን ሲገምት ሁሉም የተሳካለትን ቀን እንጂ የታመመበትን፣ እንግዳ የመጣበትን ወይም መብራት የጠፋበትን ቀን አያስብም።

ከአራቱም እያፈራረቅሽ መጀመርሽም በጣም ጠቅሞሻል። እኔ በተማሪነቴ ከምወደው ትምህርት ጀምሬ፣ በእሱ ፍጥነት የቀረውን ሁሉ አሰላሁ። ፊዚክስ ላይ ስደርስ ሒሳቡ ሁሉ ፉርሽ ሆነ። ያንቺ 6 ሰዓት ግን ከባዱንም ቀላሉንም የያዘ አማካይ ስለሆነ ልንተማመንበት እንችላለን።

አሁን ፕሮግራምሽ ውስጥ ጭራሽ ወዳልተጻፈው ቁጥር እንምጣ። «በቀረው ጊዜ እከልሳለሁ» ብለሻል። የቀረ ጊዜ ግን መለኪያ አይደለም። ክለሳም እንደ ንባቡ ሰዓት ይበላል፤ የሚበላውም ከዚያው ከ20ው ሰዓት ላይ ነው። አንድ ምዕራፍ መጀመሪያ 6 ሰዓት ከወሰደ፣ የመጀመሪያው ክለሳ 2 ሰዓት፣ ሁለተኛው 1 ሰዓት፣ ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል ብለን እንነሳ። ይህ የእኔ መነሻ ግምት ነው። ነገ ካነበብሻቸው 10 ምዕራፎች አንዱን በሰዓት እየለካሽ ከልሺና የራስሽን ቁጥር አውጪ።

በዚህ ሒሳብ ለአንድ ምዕራፍ የሦስቱ ክለሳ ድምር 3 ሰዓት ተኩል ነው። ለ60 ምዕራፍ 210 ሰዓት ይሆናል። ያልተነበቡት 50 ምዕራፎች በ6 ሰዓት ሲባዙ 300 ሰዓት ናቸው። በድምሩ 510 ሰዓት። በሳምንት 20 ሰዓት ካገኘሽ 25 ሳምንት ተኩል ያስፈልግሻል ማለት ነው። ያለሽ 17 ነው። አሁን ባለሽ አካሄድ አይበቃም።

ስለዚህ በቀን 7 ሰዓት? ወረቀት ላይ ይበቃል። በሳምንት አምስት ቀን 7 ሰዓት ካጠናሽ 35 ሰዓት ነው፤ በ17 ሳምንት 595 ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን በቀን 4 ሰዓት አቅደሽ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን አምልጦሻል። 7 ሲሆን ስንት ቀን ሊያመልጥሽ ነው? ደግሞም ስድስተኛውና ሰባተኛው ሰዓት እንደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አይሠሩም። ዓይንሽ መስመሩን ይሄድበታል፣ ጭንቅላትሽ ግን የለም። ያኔ ለምዕራፍ 6 ሰዓት የነበረው 8 ይሆናል፤ የጨመርሽው ሰዓትም እዚያው ይቀልጣል።

ክለሳውን መተውስ? 300 ሰዓት በ20 ሲካፈል 15 ሳምንት ነው፤ ይበቃል። ግን ፈተና የምትገቢው መጀመሪያ ያነበብሻቸውን 10 ምዕራፎች ከአራት ወር በላይ ሳታያቸው ነው። ያነበብሽው እንኳ አይመስልሽም። ሁለቱንም ተያቸውና በሌላ በኩል እንሂድ።

መጀመሪያ ቀኖቹ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያመልጥሽ ከሆነ፣ ሰባቱንም ቀን አቅደሽ ሁለቱን ከማጣት ስድስቱን አቅደሽ አንዱን በግልጽ ባዶ መተው ይሻላል። ያ ሰባተኛ ቀን መተኪያ ነው። በሳምንቱ መሀል አንድ ቀን ካመለጠሽ የዚያን ቀን 4 ሰዓት እዚያ ላይ ትከፍያለሽ። ካላመለጠሽ ታርፊያለሽ። ሁለቱን ዕዳዎች በአንድ ቀን ለመክፈል ግን አትሞክሪ፤ ሁለት ቀን ካመለጠሽ አንዱ ጠፍቷል፣ ጠፋ በይውና እለፊ። በዚህ መንገድ በሳምንት 24 ሰዓት ታገኛለሽ። የቀኑን ሰዓት አንድ ደቂቃ እንኳ አልጨመርንም።

ቀጥሎ ሾርት ኖቱ። ከ6ቱ ሰዓት 2ቱን የሚበላው እሱ ነው። ልክ ልንገርሽ አይደል? አብዛኛው ሾርት ኖት መጽሐፉን በሚያምር ጽሕፈት መገልበጥ ነው። እጅ ይሠራል፣ ጭንቅላት ያርፋል። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ምዕራፍ አንድ ገጽ ብቻ ይኑርሽ፤ መጽሐፉን ዘግተሽ፣ በግማሽ ሰዓት። ፎርሙላዎቹን፣ የምትደናገሪበትን ቦታና ራስሽን የምትጠይቂባቸውን አምስት ስድስት ጥያቄዎች ጻፊበት። የቀረው መጽሐፉ ላይ አለ። ይህ ብቻ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሰዓት ተኩል ይመልስልሻል። ከ6 ወደ 4 ሰዓት ተኩል ወረድን። የጥያቄ መሥሪያውን ሰዓት እንዳልነካንብሽ ልብ በይ። ሂሳብና ፊዚክስ ላይ ከጥያቄው ላይ የምትቀንሺው ሰዓት በክለሳ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይመጣብሻል።

ሦስተኛው የክለሳው ዓይነት ነው። ክለሳ ሲባል ብዙ ተማሪ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ማንበብ ይመስለዋል። ደግሞ ማንበብ ደስ ይላል፤ ሁሉም ነገር የሚታወቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ሠርተው ነበር። አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ጽፈው የነበሩት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ።

ስለዚህ የአንድ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክለሳሽ እንዲህ ይሁን። 20 ደቂቃ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ትጽፊያለሽ። 50 ደቂቃ ጥያቄ ትሠሪያለሽ። በቀረው 20 ደቂቃ መጽሐፉን ከፍተሽ የሳትሽውን ቦታ ብቻ ታያለሽ። ሰዓት ተኩል ሞላ። ሁለተኛው ክለሳ የዚህ ግማሽ ነው፤ 45 ደቂቃ፣ አብዛኛው ጥያቄ። ሦስተኛው ለሁሉም ምዕራፍ አይደለም። በሁለተኛው ክለሳ ጥያቄውን በትክክል የሠራሽበት ምዕራፍ ፈተናውን አልፏል፤ እንደገና አትነኪውም። ሦስተኛ ዙር የሚያስፈልገው ለወደቅሽባቸው ብቻ ነው። 20 ምዕራፍ ገደማ ይሆናሉ ብለን 24 ሰዓት እንያዝላቸው።

አሁን እንደገና እንደምር። 50 ምዕራፍ በ4 ሰዓት ተኩል፣ 225 ሰዓት። የ60 ምዕራፍ የመጀመሪያ ክለሳ 90 ሰዓት። ሁለተኛው 45 ሰዓት። ሦስተኛው 24 ሰዓት። ድምሩ 384 ሰዓት ነው። ለ24 ሲካፈል ልክ 16 ሳምንት። አንድ ሳምንት ይተርፍሻል፤ እሱም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የምትጠይቂኝ ይመስለኛል፤ ከመጀመሪያው በዚህ መንገድ ብነሳ ስንት ይበቃኝ ነበር? ስልቱ ያው ነው። ለአንድ ምዕራፍ የንባቡንና የክለሳዎቹን ሰዓት ትደምሪያለሽ፣ በምዕራፎቹ ብዛት ታባዢያለሽ፣ በሳምንት በእውነት በምታገኚው ሰዓት ታካፍያለሽ። ንባቡ 270፣ ክለሳው 159፣ በድምሩ 429 ሰዓት። ለ24 ሲካፈል 18 ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ከ20ው ሳምንት ላይ ሁለት ሳምንት ይተርፍሽ ነበር። ይኸው ስሌት ለታናሽ ወንድምሽም ይሠራል፤ ቁጥሮቹን ግን የራሱን ያስገባ።

ድምሩ በቂ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ግን ይፈርሳል። አሁን በጣም ልብ በይኝ። «መጀመሪያ 50ውን ምዕራፍ ልጨርስ፣ ከዚያ እከልሳለሁ» ካልሽ ሰዓት ተኩል ያልነው ክለሳ ሰዓት ተኩል አይሆንም። ክለሳ ርካሽ የሚሆነው ትምህርቱ ሳይቀዘቅዝ ሲደረስበት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዓት ተኩል የሚበቃው ምዕራፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደ አዲስ ሊነበብ ይፈልጋል። ሥራው ያው ሆኖ ዋጋው በእጥፍ ይንራል።

ስለዚህ አዲሱን ንባብና የመጀመሪያውን ክለሳ አብረሽ አስኪጂ። በሳምንት 4 አዲስ ምዕራፍ፣ ከየትምህርቱ አንድ። እሱ 18 ሰዓት ይወስዳል። በዚያው ሳምንት ከሁለት ሳምንት በፊት ያነበብሻቸውን 4 ምዕራፎች ትከልሻለሽ። እሱ 6 ሰዓት ነው። ተደምሮ 24። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ የሚከለሱት ያለፉት 10 ምዕራፎች ናቸው፤ ወረፋቸው አልፎባቸዋልና በሳምንት አምስት አምስት አድርጊያቸው። በየቀኑ 3 ሰዓት ለአዲሱ፣ 1 ሰዓት ለክለሳው ስጪ። ክለሳውን መጀመሪያ አድርጊው። መጨረሻ ላይ ካደረግሽው፣ አዲሱ ምዕራፍ ሁልጊዜ «አሥር ደቂቃ ብቻ» እያለ ያቺን አንድ ሰዓት ይበላታል።

በዚህ ፍጥነት 13ኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ምዕራፍ ተነብቦ አንዴ ተከልሷል ማለት ይቻላል። ጥቂት ሰዓት ወደ 14ኛው ቢንጠባጠብ አያስጨንቅ። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ሳምንታት የሁለተኛው ክለሳ ናቸው። እዚህ ላይ ከጥንቶቹ ጀምሪ። መጀመሪያ የከለስሻቸው ምዕራፎች ያኔ አሥር ሳምንት አልፏቸዋል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። በቅርብ የከለስሻቸው ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። አማካዩ ያው 45 ደቂቃ ነው። 16ኛው ሳምንት ለወደቅሽባቸው ነው።

17ኛው ሳምንት ላይ መጽሐፍ አይነበብም። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን፣ በፈተናው ሰዓት ልክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትነሺ ሥሪ። እስከዚያ ያጠናሽው በምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍሎ ነው። ፈተናው ግን ጥያቄው ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ አይነግርሽም። ያንን መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በዚያ ሳምንት ካልተለማመድሽው ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው የምትለማመጂው።

ዕቅዱ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ነገር ቁጠሪ፤ ስንት አዲስ ምዕራፍ፣ ስንት ክለሳ። 4 አዲስ አንብበሽ ክለሳው ዜሮ ከሆነ ሳምንቱ ጥሩ እንዳይመስልሽ፤ ከወደፊቱ ሳምንት ተበድረሻል። ሌላው ምልክት የክለሳው ሰዓት ነው። ሰዓት ተኩል የታሰበው 2 ሰዓት ተኩል ከወሰደ ሁለት ምክንያት አለው። ወይ ቆይተሽ ነው የደረስሽበት፣ ወይ መጀመሪያውኑ አላነበብሽውም፤ ገጹን ብቻ ነው የገለጥሽው። ባዶው ወረቀት ላይ የጻፍሽውን እዪ። ዋናውን ሐሳብ ጽፈሽ ዝርዝሩ ከጠፋሽ መቆየት ነው። ዋናው ሐሳብ ራሱ ከሌለ ችግሩ የመጀመሪያው ንባብ ላይ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና አስዪው። ለምዕራፍ 4 ሰዓት ተኩል ብለን የያዝነው 5 ሰዓት ተኩል ሆኖ ከተገኘ 50ው ምዕራፍ 275 ሰዓት ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ክለሳ ጋር 365፣ ማለትም 15 ሳምንት ሙሉ አልፎ ትንሽ። ሁለተኛው ክለሳ መግቢያ አጣ ማለት ነው። ያኔ የሌሊት እንቅልፍሽን ከመቀነስ ምዕራፍ ቀንሺ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አምጪና ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ስንት ጥያቄ እንደወጣ ቁጠሪ። እምብዛም የማይጠየቁ 8 ምዕራፎች ብታገኚ፣ ለእያንዳንዳቸው 5 ሰዓት ተኩሉን ትተሽ ሰዓት ተኩል ስጫቸው፤ አንዴ አንብበሽ፣ የተለመዱትን ጥያቄዎች ሠርተሽ እለፊ። የመጀመሪያውን ክለሳቸውንም ተዪው። በዚህ 44 ሰዓት ይመለስልሻል። 365 የነበረው 321 ይሆናል፤ 13 ሳምንት ተኩል አይሞላም። ሁለተኛው ክለሳ ተመለሰ። ሌላው ምዕራፍ የሚቆምበት ምዕራፍ ግን በፈተና ባይጠየቅም እንዳይቀነስ። ቬክተር ሳይገባሽ ኃይልና እንቅስቃሴ አይገባሽም።

አንድ ሳምንት ብትታመሚ ወይም ያላሰብሽው ነገር ቢመጣ የሚሠዋው ሦስተኛው ክለሳ ነው። 24 ሰዓቱ የአንድ ሳምንት ልክ ነው፤ ለዚህም ብዬ ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት። 17ኛውን ሳምንት ግን አትንኪው።